ወፍጮ ቤቱ ያተርፋል፣ ወንድሜ ግን «ኔጌቲቭ ነው» ይላል

«ሰላም ለእናንተ ይሁን። እኔና ባለቤቴ ቡታጅራ አካባቢ ወፍጮ ቤት ልንከፍት አስበን 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር አጠራቅመናል። 25 ሺህ ብር ከፍለን ያስጠናነው ባለሙያ በቀን 5 ኩንታል እየፈጨን በኪሎ 4 ብር ብናስከፍል ወጪው ሁሉ ተቀንሶ በዓመት 300 ሺህ ብር ይቀራችኋል፣ በ4 ዓመት ገንዘባችሁን ትመልሳላችሁ፣ ከ6 ዓመት በኋላ ደግሞ ማሽኑን በ200 ሺህ ትሸጡታላችሁ ብሎናል (ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ ልኬላችኋለሁ)። ባለቤቴ በወር 6 ሺህ ብር የሚያገኝበትን ስራ ለቆ እሱ ራሱ ይቆምበታል። ባንክ የሚሰራው ታላቅ ወንድሜ ግን በ20 በመቶ አስልቶ ኔት ፕሬዘንት ቫሊዩው ኔጌቲቭ 135 ሺህ ነው፣ ተዉት አለን። 1.2 ሚሊዮን አውጥተን 2 ሚሊዮን እያገኘን እንዴት ኔጌቲቭ ይሆናል? ማንን እንመን? እህታችሁ»

እህቴ፣ የላክሽውን ወረቀት ማታ ቁጭ ብዬ ከወንድምሽ ስሌት ጋር አስተያየሁት። መጀመሪያ የወንድምሽን ነገር ላስረዳሽ፣ ምክንያቱም ሂሳቡ ራሱ ትክክል ነው፣ ደምሬ ቀንሼ አይቼዋለሁ፣ ስህተቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው፣ እሱ ጋ እንደርሳለን።

ኔጌቲቭ ማለት ትከስራላችሁ ማለት አይደለም። ነገሩ ምን መሰለሽ፣ 2 ሚሊዮን የመጣው የስድስቱ ዓመት 300 ሺህና የማሽኑ 200 ሺህ እንዳለ ተደምሮ ነው፣ ግን የዘንድሮ 300 ሺህና የስድስተኛው ዓመት 300 ሺህ አንድ አይደሉም። ወንድምሽ የጠየቀው ጥያቄ «ገንዘቤን በዓመት 20 በመቶ የሚወልድ ሌላ ቦታ ባስቀምጠው ከስድስት ዓመት በኋላ 300 ሺህ እንዲሆንልኝ ዛሬ ስንት ማስቀመጥ አለብኝ?» የሚል ነው። መልሱ 100,469 ብር ነው። ይሄ ብር በየዓመቱ በ1.20 እየተባዛ ስድስት ዓመት ሲቆይ 300 ሺህ ይሆናል፣ ስለዚህ ለዛ ሰው የስድስተኛው ዓመት 300 ሺህ የዛሬ ዋጋው መቶ ሺህ አካባቢ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ዓመት 300 ሺህ በተመሳሳይ ለ1.20 ሲካፈል 250 ሺህ ይሆናል፣ የሁለተኛው 208 ሺህ፣ የሶስተኛው 174 ሺህ እያለ ይወርዳል። ስድስቱን ደምረሽ የማሽኑን የ200 ሺህ ሽያጭም እንደዚሁ ወደ ዛሬ መልሰሽ (67 ሺህ ገደማ ነው) ብትጨምሪበት 1,064,632 ይመጣል። ከዛ ላይ ዛሬ የምታወጪውን 1.2 ሚሊዮን ስትቀንሺ የወንድምሽ ኔጌቲቭ 135 ሺህ ይወጣል፣ ኔት ፕሬዘንት ቫሊዩ የሚባለው ይሄ ነው። ትርጉሙም «ይሄ ወፍጮ በዓመት 20 በመቶ ከሚወልድ ሌላ ነገር ያንሳል» ነው እንጂ ብራችሁን ይበላዋል አይደለም። አጥኚው ደግሞ «በ4 ዓመት ይመልሳል» ሲል በዛ አራት ዓመት ውስጥ ገንዘቡ ሌላ ቦታ ቢሆን ምን ያደርግ ነበር የሚለውን ጭራሽ አላሰበም፣ ስለዚህ እዚህ ላይ ከወንድምሽ ጋር ነኝ።

አሁን ወንድምሽ የሳተው ነገር። ወረቀቱን አይተሽው ከሆነ ስድስቱም ዓመት ላይ የተጻፈው ያው 300 ሺህ ነው። ለምን? አጥኚው ስድስቱንም ዓመት በዛሬ ዋጋ ስላሰላው ነው፣ የዛሬ 4 ብር በኪሎ፣ የዛሬ ኪራይ፣ የዛሬ መብራት። አምስት ዓመት ቆይቶ ወፍጮ ቤት ሄዶ በኪሎ 4 ብር የሚያስፈጭ ሰው ይኖራል? አይኖርም፣ ኪራዩም 8 ሺህ ላይ አይቆምም። ማለትም እነዚህ ብሮች የዋጋ ንረት የሌለባቸው የዛሬ ብሮች ናቸው። ወንድምሽ የተጠቀመበት 20 በመቶ ግን የባንክ ወለድ አይነት ቁጥር ነው፣ ባንክ ወለድ ሲተምን ብሩ ሲመለስለት የመግዛት አቅሙ ወርዶ እንደሚመለስ ስለሚያውቅ ንረቱን አስቀድሞ ውስጡ ጨምሮታል። ስለዚህ ከላይ ንረት የሌለበት ገንዘብ፣ ከታች ንረት ያለበት ማካፈያ ሆነ፣ ንረቱ አንድ ጊዜ ብቻ ተቀነሰ እንጂ በፍጹም አልተጨመረም ማለት ነው። በኛ አገር ደግሞ ይሄ ትንሽ ስህተት አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ የነበረበት አገር ነው፣ ንረት 2 በመቶ በሆነበት አገር እንዲህ ብትቀላቅይ ልዩነቱ ብዙም ላይታይ ይችላል፣ እዚህ ግን ጥሩውን ፕሮጀክት ገደል ይከተዋል።

መፍትሄው ሁለት ነው፣ አንዱን መምረጥ ነው። ወይ ሁለቱንም ንረት ያለባቸው ታደርጊያለሽ ወይ ሁለቱንም የሌለባቸው። ለስሌቱ ያህል የሚቀጥሉት ዓመታት ንረት በአማካይ 12 በመቶ ነው እንበል (ይሄ ግምት ነው፣ አንቺ ሌላ ልታደርጊው ትችያለሽ)። በመጀመሪያው መንገድ የአንደኛው ዓመት 300 ሺህ በ12 በመቶ አድጎ 336 ሺህ ይሆናል፣ ለ1.20 ሲካፈል 280 ሺህ። በሁለተኛው መንገድ 1.20ን ለ1.12 ታካፍያለሽ፣ 1.0714 ይመጣል፣ ማለትም ከንረት በላይ ያለው እውነተኛው ተመን 7.14 በመቶ ነው። 300 ሺህን ለዚህ ስታካፍይው ያው 280 ሺህ። በሁለቱም መንገድ አንድ ቦታ ነው የሚደርሰው፣ ስለዚህ ለናንተ የሚቀለው ሁለተኛው ነው፣ የወረቀቱን ቁጥር መነካካት ሳያስፈልግ ማካፈያውን ብቻ መቀየር ነው። ብዙ ሰው ደግሞ 20 ሲቀነስ 12 ብሎ 8 በመቶ ይወስዳል፣ ንረት ዝቅተኛ ሲሆን ይሄ ያስኬዳል፣ ከፍ ሲል ግን ማካፈሉ ነው ትክክለኛው።

በ7.14 በመቶ ሲሰላ ስድስቱ ዓመት 1,423,678 ብር ይሆናል፣ የማሽኑ ሽያጭ 132,206፣ ከድምሩ 1.2 ሚሊዮን ሲነሳ ፖዘቲቭ 355,884። አንድ ፕሮጀክት፣ አንድ ወረቀት፣ ከኔጌቲቭ 135 ሺህ ወደ ፖዘቲቭ 356 ሺህ የሄደው ማካፈያውን ከሚካፈለው ጋር ስላስማማነው ብቻ ነው። ይሄን ለወንድምሽ አሳዪው፣ ባንክ የሚሰራ ሰው ነውና አንዴ ካየው ይገባዋል፣ «20ው ውስጥ ንረት አለ፣ 300ው ውስጥ ግን የለም» ብለሽ ብቻ ንገሪው።

ግን እህቴ ገና አትደሰቺ፣ አሁን ደግሞ በናንተ በኩል ያለውን ጉድለት እንይ።

ወረቀቱ ላይ የወጪ ዝርዝሩን አየሁት፣ ኪራይ በወር 8 ሺህ፣ ረዳት ልጅ 5 ሺህ፣ ጥገናና ልዩ ልዩ በዓመት 24 ሺህ፣ መብራትና ድንጋይ በኪሎ 80 ሳንቲም። የባለቤትሽ ጉልበት ግን የለም። ከጠዋት እስከ ማታ ዱቄት ውስጥ የሚቆመው እሱ ነው፣ ድንጋይ የሚወቅረው እሱ ነው፣ ለዛ ሲል የሚተወው 6 ሺህ ብር በዓመት 72 ሺህ ነው። ከቤታችሁ ኪስ በየወሩ ይገባ የነበረ ብር ወፍጮው ስለተከፈተ ከቀረ የወፍጮው ወጪ ነው፣ ደረሰኝ ስለሌለው ወጪ አይደለም ማለት አይቻልም። በሌላ በኩል ለአጥኚው የከፈላችሁትን 25 ሺህ እንዳትቀንሱት፣ ብትከፍቱም ባትከፍቱም የማይመለስ ብር ስለሆነ ውሳኔው ውስጥ ቦታ የለውም። ሰው ብዙ ጊዜ ይሄን ይገለብጠዋል፣ የወጣውን ብር ያለቅስለታል፣ የሚወጣውን ጉልበት ይረሳዋል።

እዚህ ላይ አንድ ቁጥር ልስጥሽ፣ በቃልሽ ያዢው። በዚህ ስሌት ስድስቱንም ዓመት በየዓመቱ የ10 ሺህ ብር ለውጥ ሲኖር ኔት ፕሬዘንት ቫሊዩው በ47 ሺህ 500 ገደማ ይለወጣል። ስለዚህ የባለቤትሽ 72 ሺህ ሲቀነስ 342 ሺህ ያህል ይወርዳል፣ ከ356 ሺው ላይ የሚቀረው 14 ሺህ ብር ነው። ለ1.2 ሚሊዮን ፕሮጀክት 14 ሺህ ብር ዜሮ በይው፣ ማለትም ወፍጮው እንደተገመተው በትክክል ቢሄድ የ20 በመቶውን ቦታ ያክላል፣ አይበልጠውም አያንሰውም።

ታዲያ ምን ይወስነው? እኔ ብድር ክፍል በሰራሁባቸው ዓመታት የብዙ ሰው ጥናት አይቻለሁ፣ ሰው ስለ ወለዱ ተመን ሲከራከር ይውልና ከላይኛው መስመር ላይ ያለውን የሽያጭ ግምት ማንም አይነካውም። የናንተ ላይኛው መስመር «በቀን 5 ኩንታል» ነው። ከየት መጣ? ወረቀቱ አይልም። ነገሩን እንመርምረው። ከ4 ብሩ ላይ የመብራትና የድንጋዩ 80 ሳንቲም ሲቀነስ በኪሎ 3 ብር ከ20 ይቀራል፣ ኪራዩና ረዳቱ ብትፈጩም ባትፈጩም የሚከፈል ነው። በዓመት 300 ቀን ብትሰሩ በቀን የአንድ ኩንታል ልዩነት በዓመት 96 ሺህ ብር ነው፣ በቃልሽ በያዝሽው ቁጥር አባዢው፣ 456 ሺህ ገደማ ይሆናል። ማለትም በቀን 6 ኩንታል ብትፈጩ ፖዘቲቭ 470 ሺህ ነው፣ 4 ኩንታል ብትፈጩ ኔጌቲቭ 441 ሺህ። ዜሮ የሚሆነው 497 ኪሎ ላይ ነው፣ የአጥኚው ግምትና ዜሮው ነጥብ የሚለያዩት በ3 ኪሎ ነው፣ አንዲት እናት በቁና ይዛ የምትመጣው ሽሮ እንኳ ከዛ አያንስም። ወንድምሽ 20 በመቶውን 18 ወይ 22 ቢያደርገው ከሚመጣው ለውጥ ይልቅ የአንዷ ኩንታል ለውጥ በብዙ ይበልጣል።

ስለዚህ የምመክርሽ ብር ሳይወጣ መቁጠር ነው፣ በእጅ። ልትከፍቱበት ካሰባችሁት ቦታ ቅርብ ያሉትን ወፍጮ ቤቶች ለይታችሁ ባለቤትሽ ወይ አንድ የምታምኑት ልጅ ከጠዋት እስከ ማታ በር አካባቢ ይቀመጥና የሚገባውን ማዳበሪያ ይቁጠር፣ ግማሽ የሆነውን ግማሽ ብሎ ይጻፍ፣ ሚዛን ላይ የሚነበበውን ካየ ደግሞ የተሻለ። አንድ ቀን አይበቃም። የገበያ ቀን አንዱ፣ ተራ ቀን ሁለት ሶስቱ፣ በተለያየ ሳምንት። እንቁጣጣሽ ወይ ፋሲካ ሊደርስ ሲል ወይ ረመዳን ሊገባ ሲል ያለው ሳምንት ላይ ብቻ ቆጥራችሁ እንዳትታለሉ፣ ያኔ ሁሉም ሰው ያስፈጫል። እኔ አንድ ጊዜ የበዓል ሳምንት ገቢ በ52 ተባዝቶ የቀረበ ጥናት ገጥሞኝ ባለቤቶቹን ተራ ሳምንት ላይ ደግማችሁ ቁጠሩ ብያቸው ነበር፣ ግማሽ እንኳ አልመጣም። አዝመራ ከገባ በኋላ ጥር ላይ ያለውና ክረምት ሐምሌ ላይ ያለውም አንድ አይደለም፣ አሁን ክረምቱን መቁጠር ባትችሉ ነባር ወፍጮ ቤት ውስጥ የሰራ ልጅ ፈልጋችሁ በደህና ወርና በደካማ ወር መካከል ያለውን ልዩነት ጠይቁት። ከዛ ደግሞ ያላችሁት አካባቢ ላይ የሚፈጨው ጠቅላላ እህል እናንተ ስትከፍቱ አይጨምርም፣ ሰው አዲስ ወፍጮ ተከፈተ ብሎ ሁለት እንጀራ አይበላም፣ ስለዚህ ካሉት ላይ ተካፍላችሁ ነው። ሁለት ወፍጮ 12 ኩንታል ይፈጩ ከነበረና እናንተ ሶስተኛ ብትሆኑ እኩል ብትካፈሉ 4 ነው የሚደርሳችሁ፣ እሱም ደንበኛ እስኪለምዳችሁ ድረስ ጊዜ ይፈልጋል።

ሌላው መብራት ነው። ወፍጮ ባለ ሶስት ፌዝ ቆጣሪ ይፈልጋል፣ ማሽኑ ተገዝቶ ቤቱ ተከራይቶ ቆጣሪው ሳይገባ ወራት የሚቆም ወፍጮ ስንት አይቻለሁ። የናንተ ስድስት ወር ቢቆም ምን እንደሚሆን አስልቼልሻለሁ፣ የግማሽ ዓመት ገቢ መብራትና ድንጋዩ ተቀንሶ 240 ሺህ ታጣላችሁ፣ የረዳቱ 30 ሺህና ባለቤትሽ ስራውን እስከዛ ካልለቀቀ 36 ሺህ ይተርፋል፣ የተጣራው ጉዳት 174 ሺህ፣ ወደ ዛሬ ሲመለስ 162 ሺህ። ያቺ 14 ሺህ ፖዘቲቭ ወደ ኔጌቲቭ 148 ሺህ ትወርዳለች። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ቀይሩት፣ መጀመሪያ የሶስት ፌዝ ጥያቄ አስገብታችሁ ትራንስፎርመሩ ይችላል የሚል መልስ በእጃችሁ ይግባ፣ ከዛ ኪራይ ውል፣ ከዛ ማሽን፣ ባለቤትሽ ስራ የሚለቀው ዲናሞው ሲዞር ነው።

ታሪፉንም አትርሱ። የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተደርጓል፣ እኛ ደግሞ ሁሉም ነገር በ12 በመቶ እኩል ያድጋል ብለን ነው ያሰላነው። መብራቱ ከሌላው ዋጋ ቀድሞ ቢሮጥና ጎረቤት ወፍጮ ዋጋ ስላልጨመረ እናንተም ካልጨመራችሁ ልዩነቱ ከኪሳችሁ ነው። በኪሎ ሃያ ሳንቲም ብትነካችሁ በዓመት 30 ሺህ ነው፣ በኔት ፕሬዘንት ቫሊዩው ላይ 142 ሺህ። ይሄ የንረት ማስተካከያ የሚሰራው ዋጋችሁ ከወጪያችሁ ጋር አብሮ ሲሄድ ብቻ ነው።

አንድ ጥያቄ እንደምታነሺ አውቃለሁ፣ «እኛ ብሩን ባንክ ብናስቀምጠው 20 አይደለም የሚሰጠን» ትያለሽ። ልክ ነሽ፣ ከጥቅምት 2010 ጀምሮ ብሔራዊ ባንክ ያስቀመጠው የቁጠባ ወለድ መነሻ 7 በመቶ ነው፣ ንረቱ 12 ከሆነ ባንክ ያለው ብር በየዓመቱ ከመግዛት አቅሙ 4.5 በመቶ ያህል ያጣል። ግን ወፍጮን ከቁጠባ ደብተር ጋር ማወዳደር ልክ አይመስለኝም፣ ደብተሩ ድንጋይ አይሰበርበትም፣ ደንበኛ አይሸሸውም። ማወዳደር ያለባችሁ ተመሳሳይ ስጋት ካለው ነገር ጋር ነው፣ ለምሳሌ ብሩን ዘመድ ሱቅ ውስጥ ብታስገቡት ወይ እህል ገዝታችሁ ብታቆዩት ከምታገኙት ጋር። ለዚህ ነው የወንድምሽን 20 ያልነካሁት፣ ለእንዲህ አይነት ስራ ብዙም አልበዛም።

ቁጥሩን ራስሽ እየቀያየርሽ እንድታዪው ወንድምሽ ኤክሴል ላይ እንዲህ ያድርግልሽ። B1 ላይ -1200000፣ ከB2 እስከ B6 228000፣ B7 ላይ 428000 (የማሽኑ ሽያጭ ተጨምሮ ነው)፣ ከዛ፦

```
=NPV(1.2/1.12-1,B2:B7)+B1
```

14,201 ካመጣ ልክ ነው። B1ን ቅንፉ ውስጥ እንዳያስገባው፣ ኤክሴል ቅንፍ ውስጥ ያለውን የመጀመሪያ ቁጥር ከዓመት በኋላ እንደሚመጣ ነው የሚቆጥረው፣ የናንተ 1.2 ሚሊዮን ግን ዛሬ ነው የሚወጣው።

ከቆጠራው በኋላ 228000ውን በተገኘው ኩንታል ቀይሩት፣ ለእያንዳንዱ ኩንታል 96 ሺህ መጨመር ወይ መቀነስ ነው። ተራ ቀኑም የገበያ ቀኑም ደካማው ወርም ተደባልቆ የናንተ ድርሻ በቀን 5 ኩንታል ተኩል ከደረሰ የመብራት መዘግየትን የምትችሉበት ትርፍ አላችሁ፣ እኔ ብሆን እጀምራለሁ። ከ5 በታች ከሆነ ሌላ ቦታ ፈልጉ፣ ወፍጮ የሌለው ሰፈር ወይ አስፈጪው ርቆ የሚሄድበት ቀበሌ። በ5 እና በ5 ተኩል መካከል ከሆነ የቆጠራችሁትን ጻፉልኝና አብረን እናየዋለን፣ የቆጠራችሁበትን ቀንና የማዳበሪያውን ቁጥር ለየብቻ አድርጋችሁ ላኩት።